የእንቁጣጣሽ ያሸበረቀ ቤት ውድድር፦ ቅያሜ የማያመጣ ማስታወቂያ እንዴት ይጻፋል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ሰፈር ኮሚቴ አባል ነኝ። ለመጪው እንቁጣጣሽ ‹ምርጥ ያሸበረቀ ቤት› የሚል ውድድር ልናዘጋጅ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሰፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች አሉ፣ ሁለት የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አሉ፣ መንገድ ዳር በር ብቻ ያላቸው የቀበሌ ቤቶችም አሉ። አምና ሞክረነው ሰው ተቀያየመ፤ ‹ለሀብታም ሰጣችሁ› ተባልን። ማስታወቂያው ላይ ምን ይጻፍ? ነጥቡስ እንዴት ይሰጥ?»

መልስ፦

እንዲህ ያለው ቅያሜ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዳኞቹ ሳይሆን ከማስታወቂያው ርእስ ነው። «ያሸበረቀ ቤት» ሲባል አንዷ ሳሎኗን ታስባለች፤ መጋረጃ ትቀይራለች፣ የሶፋ ልብስ ታጥባለች፣ ቡፌው ላይ ያለውን ብርጭቆ ትወለውላለች። ሌላው የአጥሩን በር ያስብና አደይ አበባ ይሰቅላል። ዳኛው ሁለቱ ጋ ሲደርስ የሚያስተያየው አንድ ዓይነት ነገር ስለማያገኝ ዓይኑ ሳያውቀው ወደ ዕቃው ይሄዳል። ዕቃ ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ስለዚህ አምና የሰማችሁት ወቀሳ ዳኞቻችሁ አድልተው ባይሆን እንኳ መሠረት ሊኖረው ይችላል።

ብዙ ኮሚቴ ለዚህ የሚያመጣው መፍትሔ ቤቶቹን በምድብ መክፈል ነው፤ የግቢ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም፣ የቀበሌ ቤት እያሉ። ሲያዩት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ግን ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ የሰፈሩን ሰው በኑሮው ደረጃ ስም አውጥታችሁ ግድግዳ ላይ ትለጥፉታላችሁ። «ከቀበሌ ቤቶች አንደኛ የወጣችው» ተብሎ በድምፅ ማጉያ መጠራት ሁሉም የሚወደው ሽልማት አይደለም። ሁለተኛ፣ ምድብ ሲበዛ ተወዳዳሪ ይሳሳል፤ ሦስት ሰው በተመዘገበበት ምድብ አንደኛ መውጣትና አሥራ አምስት ሰው ባለበት አንደኛ መውጣት እኩል ሽልማት ሲያገኙ ሌላ ቅሬታ ይመጣል።

የምመክራችሁ ሁሉም ቤት ያለውን አንድ ነገር መርጣችሁ በእሱ ብቻ እንድታወዳድሩ ነው። እሱም ሰው የሚገባበት አንድ በር ነው። ባለ ግቢውም፣ ባለ ኮንዶሚኒየሙም፣ የቀበሌ ቤት ነዋሪውም አንድ አንድ የሰው መግቢያ በር አላቸው። ውድድሩ በዚያ በር፣ ከበሩ ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሜትር፣ ከበሩ በላይ አንድ ሜትር፣ እንዲሁም ደጃፉ ላይ አንድ ሜትር መሬት ይሁን። ባለ ግቢው መኪና የሚያስገባውን ትልቁን በር አያስቆጥርም፤ የሚያስቆጥረው በጎን ያለችውን የሰው መግቢያ ነው። የሰው መግቢያው በትልቁ በር ውስጥ የተቆረጠ ከሆነም ልኩ ከዚያች ትንሽ በር ይጀምራል። አጥሩን፣ ጣሪያውን፣ በረንዳውን ማስዋብ የፈለገ ያስውብ፤ በዓል ነው፤ ነጥብ ግን የለውም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ይህ ደንብ አንድ ተጨማሪ ገደብ ይፈልጋል። በሩ የሚከፈተው ወደ ኮሪደር ወይም ወደ ደረጃ ስለሆነ፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚወጣው ማስዋቢያ ከ20 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥና ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ቄጤማ በራሱ ደጃፍ እንዲወሰን ጻፉ። እርጥብ ቄጤማ በሲሚንቶ ደረጃ ላይ ያንሸራትታል፤ ከባድ ነገር ይዞ የሚወርድ ሰው እግሩ ሥር ያለውን አያይም። በአንድ ግቢ ውስጥ አራት አባወራ የሚኖርበት ቤት ካለ ደግሞ ሁለት ምርጫ ስጧቸው፦ ወይ እያንዳንዱ በየራሱ በር ይመዝገብ፣ ወይ አራቱም ተስማምተው የጋራ መግቢያቸውን እንደ አንድ ተወዳዳሪ ያስመዝግቡ። ሁለቱንም አንድ ላይ ማድረግ አይፈቀድ።

በዚህ አካሄድ ዳኛው ደፍ አያልፍም፤ ከደጅ ቆሞ ያያል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል። እዚህ ላይ አንድ የእኛ አገር ችግር አለ። በእንቁጣጣሽ ሰሞን ደጅ የመጣን ሰው «ግቡ፣ ቡና ቅመሱ» አለማለት ነውር ነው፤ ተጋብዞ እምቢ ማለትም ያስቀይማል። ዳኛው አንዱ ቤት ጠላ ቀምሶ ሌላው ቤት ካልቀመሰ ደግሞ ወሬው ከውጤቱ ቀድሞ ሰፈሩን ይዞራል። ዳኛው በየደጁ እየተሽኮረመመ እንዳይከራከር ክልከላውን ማስታወቂያው ላይ በጨዋ ቋንቋ አስቀድማችሁ አስፍሩለት። ከታች ባለው ናሙና ላይ አስገብቼዋለሁ።

ቀኑን ስትመርጡ የሳምንቱን ቀን ቀድማችሁ አመሳክሩ። 2018 ዘመነ ማርቆስ ስለሆነ ጳጉሜን 5 ቀን ናት፤ መስከረም 1 ቀን 2019 ዓርብ ይውላል። ዋዜማው ሐሙስ የሥራ ቀን ነው፤ ሰው ገበያ ነው፣ ማታ ደግሞ ችቦ ይለኮሳል። የበዓሉ ዕለት ጠዋት ልጃገረዶቹ «አበባየሆሽ» እያሉ በየደጁ የሚዞሩበት፣ ወንዶቹ ሥዕል የሚያዞሩበት ሰዓት ነው፤ ዕለቱ ዓርብ በመሆኑም ሙስሊሞቹ ቀትር ላይ ወደ ጁምዓ ይሄዳሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ክረምቱ ገና ጠቅልሎ ስላልወጣ ዝናብ ይጠበቃል። ስለዚህ በማግስቱ ቅዳሜ መስከረም 2፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ይሻላል። «አበባው ይጠወልጋል» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ የተቀጠፈ አደይ ውኃ ካላገኘ ቶሎ ይረግፋል። ግን ለሁሉም እኩል ነው፤ ግንዱን ውኃ ባለው ጣሳ ውስጥ የሚያቆም ሰው ቅዳሜም ትኩስ አበባ ይኖረዋል፤ ቄጤማውንም ጠዋት ማደስ ይቻላል።

ዳኝነቱ በቀን ብርሃን መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። የመብራት ጌጥ ነጥብ ካለው ውድድሩ ማን ረጅም የመብራት ሐረግ እንደገዛ ወደመቁጠር ይሄዳል፤ በዚያ ምሽት አንዱ መስመር ላይ መብራት ቢጠፋ ደግሞ ግማሹ ሰፈር ያለ ጥፋቱ ይወድቃል። ለመብራት ነጥብ አትስጡ።

አሁን ወደ ነጥቡ። ነጥብ የምትሰጡባቸው ጉዳዮች ከአራት አይብለጡ። አሥር ዓይነት መስፈርት ያለበት ወረቀት የተጠና ይመስላል፤ ዳኛው ግን አራተኛው ላይ ሲደርስ ይደክመውና የቀረውን በግምት ይሞላዋል። አራቱ እነዚህ ይሁኑ፦ ሐሳቡና የቀለም ስምምነቱ፣ የእጅ ሥራው፣ የእንቁጣጣሽ መልኩ፣ ንጽሕናውና አያያዙ። ዳኛው ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ሙሉ ቁጥር ይሰጣል፤ «ሦስት ተኩል» የለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ6 ይባዛሉ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በ4። እንዲህ ሲሆን ሁሉንም 5 ያገኘ በር 30፣ 30፣ 20 እና 20 ይይዝና 100 ይሞላል።

የእጅ ሥራ ትልቅ ክብደት የተሰጠው ገንዘብ እንዳያሸንፍ ነው። «ከዚህ ብር በላይ ማውጣት ክልክል ነው» የሚል ደንብ አታውጡ፤ ማንም ሊያጣራው አይችልም፤ አክስቱ የሰጠችው ጨርቅ ስንት ብር ተብሎ ይቆጠራል? ይልቅ የተገዛ ነገር እንደተገዛ ከተሰቀለ ብዙ ነጥብ እንደማያመጣ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ለዳኞች የሚሰጠው መግለጫም ቁርጥ ያለ ይሁን። ለምሳሌ ለእጅ ሥራ፦ 5 የሚሰጠው አብዛኛው ጌጥ ቤት ውስጥ የተሠራ ሆኖ ቅርብ ሲታይም ጥንቃቄው ሲያስታውቅ ነው፤ ጉንጉኑ በእኩል ርቀት የታሰረ፣ የወረቀቱ ጠርዝ ያልተቦጨቀ፣ ክሩ ያልተንጠለጠለ። 3 የሚሰጠው ከሩቅ ሲያዩት ያማረ፣ ጠጋ ሲሉ ግን ማጣበቂያው የሚታይ ወይም ግማሹ ተገዝቶ የተሰቀለ ሲሆን ነው። 1 የሚሰጠው የተገዛው እንዳለ ሲሰቀል ነው። 0 ምንም ሲጠፋ። ለቀሩት ሦስትም እንዲህ ያለ ሁለት ሁለት መስመር ጻፉና ከነጥብ ወረቀቱ ጀርባ ላይ አትሙት።

ማን እንደሠራው ለማወቅ ዳኞች በየበሩ አንድ ዓይነት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ይህን እንዴት ሠራችሁት?» የሠራ ሰው መልሱን አያጣም፤ ሙጫው እንዴት አልይዝ እንዳለው፣ ልጁ የቱን እንደቆረጠ ይነግርሃል። አስጊጦ የከፈለ ሰው ግን «ልጆቹ ናቸው» ብሎ ያልፋል። ንግግር አዋቂው እንዳይጠቀም ከአንድ ጥያቄና ከአንድ ደቂቃ በላይ አትፍቀዱ።

«የእንቁጣጣሽ መልክ» የሚለው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንቁጣጣሽ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚያከብረው የዘመን መለወጫ ነው። አደይ፣ ቄጤማ፣ የልጆች የፀሐይና የአበባ ሥዕል፣ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ጽሑፍ ነጥብ ያስገኛል። የሃይማኖት ሥዕል ወይም ምልክት ያደረገ ሰው ግን ለእሱ ተብሎ ነጥብ አይጨመርለትም፣ አይቀነስበትምም። ይህን ዓረፍተ ነገር ማስታወቂያው ላይ እንዳለ አስገቡት።

አብዛኛው ኮሚቴ የማያየው ስሕተት ያለው ነጥቡ ሲደመር ነው። ሦስት ዳኞች የሰጡትን መቶኛ ደምሮ ትልቁን ቁጥር አንደኛ ማለት ትክክል ይመስላል። ግን አንዱ ዳኛ በጠባቡ የሚሰጥ፣ ሌላው በሰፊው የሚዘረጋ ከሆነ የሚወስነው አንድ ሰው ይሆናል። በቁጥር እንየው። በር ቁጥር 7፣ 12 እና 19 አሉ እንበል። የመጀመሪያው ዳኛ ለ7 ቁጥር 78፣ ለ12 ቁጥር 82፣ ለ19 ቁጥር 74 ሰጠ። (82ቱ የመጣው እንዲህ ነው፦ ለሐሳብ 4 በ6 ሲባዛ 24፣ ለእጅ ሥራ 5 በ6 ሲባዛ 30፣ ለበዓሉ መልክ 4 በ4 ሲባዛ 16፣ ለንጽሕና 3 በ4 ሲባዛ 12።) ሁለተኛዋ ዳኛ በቅደም ተከተል 76፣ 80 እና 72 ሰጠች። ሦስተኛው ግን ዘርጋ አድርጎ ይሰጣል፤ 70፣ 44 እና 90 አለ።

ስንደምር 7 ቁጥር 224፣ 12 ቁጥር 206፣ 19 ቁጥር 236 ይሆናል። 19 ቁጥር አሸነፈ ማለት ነው፤ ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ግን የመጨረሻ ያደረጉት እሱን ነው። 12 ቁጥርን ሁለቱ አንደኛ ብለውት እያለ በድምሩ መጨረሻ ወጣ። ሦስተኛው ዳኛ አድልቶ ላይሆን ይችላል፤ አሰጣጡ እንደዚያ ነው። የነጥብ ወረቀቱን ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ቢያስብ አይፈረድበትም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ነጥቡን ሳይሆን ደረጃውን ደምሩ። እያንዳንዱ ዳኛ ነጥቡን ሰጥቶ ሲጨርስ በሮቹን ከ1ኛ ጀምሮ በደረጃ ያሰልፋል። በእኛ ምሳሌ 12 ቁጥር 1፣ 1 እና 3 አግኝቶ ድምሩ 5 ነው። 7 ቁጥር ከሦስቱም 2ኛ ሆኖ ድምሩ 6። 19 ቁጥር 3፣ 3 እና 1 ሆኖ ድምሩ 7። ትንሹ ድምር ያሸንፋል፤ ቅደም ተከተሉ ፍጹም ተገለበጠ። አሁን አንድ ዳኛ 90 ሰጠም 76 ሰጠም ከአንድ ድምፅ በላይ የለውም። አንድ ዳኛ ለሁለት በሮች እኩል ነጥብ ከሰጠ ደረጃቸውን ይካፈላሉ፤ 2ኛና 3ኛ ቦታ ላይ እኩል የሆኑ ሁለት በሮች ለየራሳቸው 2.5 ይያዝላቸዋል። በድምሩ ሁለት በሮች እኩል ከመጡ ብዙ ዳኛ 1ኛ ያለው ይቀድማል፤ እሱም እኩል ከሆነ ሦስቱ ዳኞች ለእጅ ሥራ የሰጡት ድምር ይለያቸዋል። ያም እኩል ከሆነ ሽልማቱን ይካፈሉ፤ ዕጣ አታውጡ።

ደረጃ ሲደመር አንድ ግዴታ ይመጣል፦ እያንዳንዱ ዳኛ እያንዳንዱን በር ማየት አለበት። ስለዚህ «ዘመዱ ቤት ሲደርስ ዳኛው ይለፈው» የሚለው የተለመደ መላ እዚህ አይሠራም፤ አንድ በር ከአንድ ዳኛ ደረጃ ካጣ ድምሩ ከሌሎቹ ጋር አይወዳደርም። ሦስት ዳኛና አንድ ተጠባባቂ ይኑራችሁ፤ አራቱም ከሌላ ሰፈር ይምጡ። የተወዳዳሪዎቹ ስም ዝርዝር እሑድ ጳጉሜን 1 ይሰጣቸውና ከተወዳዳሪ ጋር ሥጋ ዝምድና፣ አበ ልጅነት፣ የአከራይና ተከራይ ግንኙነት ወይም አንድ ዕቁብ ያለው ዳኛ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ ተጠባባቂው ይተካው። ያን ቀን ሳይናገር ቅዳሜ ጠዋት ከተገኘበትም ደንቡ ያው ነው። መሐላ አያስፈልግም፤ «ከእነዚህ ተወዳዳሪዎች ጋር ከላይ የተዘረዘረ ግንኙነት የለኝም» የሚል አንድ መስመር ላይ ይፈርሙ።

በዕለቱ ደግሞ ዳኞች መጀመሪያ ወረቀት ሳይዙ ሁሉንም በር አንድ ጊዜ ዞረው ይዩ። ይህ ካልተደረገ የመጀመሪያው ቤት ይጎዳል፤ ዳኛው የተሻለ ይመጣል ብሎ ነጥቡን ይቆጥባል፣ ወይም ገና አዲስ ስለሆነለት ያበዛለታል። ሁለተኛው ዙር ላይ በየበሩ አራት ደቂቃ ቆመው ይጻፉ፣ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ፣ በእርሳስ ሳይሆን በስክሪብቶ። 18 በር ቢኖር የቆሙበት ብቻ 72 ደቂቃ ነው፤ ከመጀመሪያው ዙርና ከእግር መንገዱ ጋር ሁለቱ ሰዓት በጭንቅ ይበቃል። ከ20 በላይ ከተመዘገበ ሰዓቱን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል አስጀምሩ።

ከነጥብ ውጭ መሆን ያለባቸው ነገሮች አሉ። የኮረንቲ ገመድና እሳት ነጥብ የሚቀነስባቸው ሳይሆኑ ከውድድር የሚያስወጡ ይሁኑ። «ከንጽሕና 2 ነጥብ ይቀነሳል» ካላችሁ አንዱ ሒሳቡን ሠርቶ ገመዱን ይጎትታል። ከመብራት ምሰሶ ወይም ወደ ቤት ከሚገባው የኮረንቲ መስመር ላይ ምንም አይታሰር፤ እርጥብ ገመድና በቀጭን ሽቦ የተሠራ ጉንጉን ኮረንቲ ያስተላልፋል። ነጥብ ባይኖረውም መብራት የሚሰቅል አይጠፋምና፣ በናስትሮ ብቻ የተቀጠለ ገመድና ደጅ የተተወ ማከፋፈያ ዝናብ ሲነካቸው እንደሚያሲዙ ጻፉ፤ ስፒናውም ማከፋፈያውም ቤት ውስጥ ይቅር፣ ከደጅ የሚሰቀለው ማሸጊያው ላይ የውኃ ርጭት መቋቋሙን የሚያሳየው IP44 ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ይሁን። የሚነድ ሻማና ችቦ ከወረቀት፣ ከፊኛና ከደረቀ ሣር አጠገብ አይቀመጥ።

ሌላው የተከራዮች ነገር ነው። ግድግዳ መቀባትና አዲስ ሚስማር መምታት ለማንም አይፈቀድ፤ ባለቤቱ ይችላል ተከራዩ ግን አይችልምና። በገመድ፣ በማጣበቂያና ባለው ሚስማር ብቻ ይሠራ። ቀለም ያለው ስስ ወረቀት ዝናብ ሲነካው ቀለሙ ግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ነጭ ግድግዳ ላይ የወረደ ቀይ በውኃ አይለቅም፤ ይህንንም በአንድ መስመር አስጠንቅቁ።

ማስታወቂያው እንግዲህ ይህን ይመስላል። አንድ ገጽ ላይ እንዲገባ ተብሎ የተጻፈ ነው፤ ክፍት ቦታዎቹን ሙሉ።

ማስታወቂያ
የ2019 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ያሸበረቀ ቤት ውድድር

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፦
ኮሚቴው ለመጪው ዘመን መለወጫ ቤት የማስዋብ ውድድር አዘጋጅቷል። ባለቤትም ተከራይም መመዝገብ ይችላል። መመዝገቢያ ክፍያ የለውም።

1. የሚወዳደረው ሰው የሚገባበት አንድ በር ነው። ነጥብ የሚሰጠው ለበሩ፣ ከበሩ ግራ፣ ቀኝና በላይ ለአንድ አንድ ሜትር፣ እንዲሁም ለደጃፉ አንድ ሜትር መሬት ብቻ ነው። የመኪና በር፣ አጥር፣ በረንዳና የቤት ውስጥ ዕቃ ነጥብ የላቸውም። ኮንዶሚኒየም ላይ ማስዋቢያው ከግድግዳው ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ አይወጣም፤ መተላለፊያ አይዘጋም።

2. ምዝገባ ከማክሰኞ ነሐሴ 12 እስከ ቅዳሜ ነሐሴ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ከምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ በ__________ ይካሄዳል። እሑድ ጳጉሜን 1 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት በዚያው ቦታ ተወዳዳሪዎች በተገኙበት የበር ቁጥር በዕጣ ይሰጣል፤ ዳኞችም የሚዞሩት በዚሁ ቁጥር ቅደም ተከተል ነው።

3. ዳኝነት ቅዳሜ መስከረም 2 ቀን 2019 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ነው። ከባድ ዝናብ ከጣለ በዚያው ዕለት ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ይሆናል፤ የውጤቱና የቅሬታው ሰዓትም በዚያው ልክ ይገፋል። ቤተሰቡ ባይኖርም በሩ ይዳኛል።

4. ነጥብ፦ ሐሳብና የቀለም ስምምነት 30፤ የእጅ ሥራ 30፤ የእንቁጣጣሽ መልክ 20፤ ንጽሕናና አያያዝ 20። ተገዝቶ እንዳለ የተሰቀለ ጌጥ ዳኛው ለእጅ ሥራ ከ0 እስከ 5 ከሚሰጠው ከ1 በላይ አያስገኝም። የመብራት ጌጥ ነጥብ የለውም። ለሃይማኖት ምልክት ነጥብ አይጨመርም፣ አይቀነስምም።

5. አሸናፊው የሚለየው ሦስት ዳኞች በሰጡት ደረጃ ድምር ነው፤ ትንሹ ድምር ያሸንፋል። እኩል ከመጡ በብዙ ዳኛ 1ኛ የተባለው ይቀድማል፤ ቀጥሎ የእጅ ሥራ ድምር ይታያል፤ ያም እኩል ከሆነ ሽልማቱን ይካፈላሉ።

6. ከውድድር የሚያስወጣ፦ ከመብራት ምሰሶ ወይም ከኮረንቲ መስመር ላይ ማሰር፤ ደጅ ላይ የተቀጠለ ገመድ ወይም ማከፋፈያ፤ ጌጥ አጠገብ የሚነድ ሻማ ወይም ችቦ፤ ግድግዳ መቀባት ወይም አዲስ ሚስማር መምታት፤ ቆሞ ያለ ዛፍ መቁረጥ፤ የሌላውን በር ጌጥ መንካት። ጉድለቱ ከዳኝነቱ በፊት ከታየ ኮሚቴው ይነግራል፤ ካስተካከለ ይወዳደራል።

7. ዳኞች ከሌላ ሰፈር ናቸው። የኮሚቴ አባላትና አብረዋቸው የሚኖሩ ቤተሰቦች አይወዳደሩም። ዳኞቻችን በዓሉን ምክንያት በማድረግ የምታቀርቡላቸውን ግብዣ ለፍትሐዊነት ሲባል እንዳይቀበሉ ደንቡ ያስገድዳቸዋል፤ እባካችሁ አትቀየሟቸው።

8. የሦስቱም ዳኞች ነጥብና ደረጃ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በ__________ ይለጠፋል። ቅሬታ በጽሑፍ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይቀርባል። ቅሬታ የሚታየው በድምር ስሕተት፣ በዳኛ ዝምድና ወይም በቁጥር 6 ጥሰት ላይ ብቻ ነው።

9. ሽልማት፦ 1ኛ __________፣ 2ኛ __________፣ 3ኛ __________። እሑድ መስከረም 3 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ይሰጣል።

10. የበሩ ፎቶ ቴሌግራም ላይ እንዲወጣ የሚፈቅድ ሰው ሲመዘገብ ይፈርማል። ያልፈቀደም እኩል ይወዳደራል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ፊርማ፣ ቀን

ሁለት ቦታ ላይ ማብራሪያ ልጨምር። ቁጥር 8 ላይ ቅሬታው በሦስት ጉዳይ የተወሰነው «የእኔ ይበልጣል» የሚለው ቅሬታ ማለቂያ ስለሌለው ነው። የድምር ስሕተት ግን በእርግጥ ይደርሳል፤ ነጥቡ በጥድፊያ ሲባዛ 5 በ6 የሚለውን በ4 አባዝቶ 20 የሚጽፍ አይጠፋም። ስለዚህ ደማሪው ሌላ ሰው ይሁን፣ ሁለተኛ ሰው ደግሞ ከመለጠፉ በፊት ከዋናው ወረቀት ላይ ደግሞ ይሥራው። ዳኞቹ ስማቸው ካልተፈለገ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብለው ይለጠፉ፤ ቁጥሮቹ ግን አይደበቁ።

ቁጥር 9 ላይ ሽልማቱን «ዳጎስ ያለ» ወይም «ማራኪ» ብላችሁ አትተዉት፤ ዕቃውን በስሙ ጻፉ፣ ማን እንደገዛውም ጨምሩ። ሽልማቱን የሰጠው ባለ ሱቅ የሰፈሩ ሰው ከሆነ እሱና ቤተሰቡ አይወዳደሩ። በግ ባትሸልሙ እመርጣለሁ፤ በዓሉ ካለፈ በኋላ የመጣ በግ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ሽልማት ሳይሆን ሥራ ነው።

ማስታወቂያው እሑድ ነሐሴ 10 ይለጠፍ፤ በዕድሩ ግቢ በር ላይ፣ በሁለቱም ሕንፃዎች መግቢያ ደረጃ ላይ፣ ሰው በሚበዛበት ሱቅ ላይ። ወቅቱ ክረምት ነውና በፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ ካልሆነ በሁለት ቀን ይረግፋል። የተለጠፈው ሁሉ ቅጂው አንድ ዓይነት ይሁን፤ መሐል ላይ ቀን ወይም ነጥብ መቀየር ካስፈለገ አሮጌውን በእስክሪብቶ አትሰርዙ፣ ሁሉንም አንሥታችሁ «የተሻሻለ» ብላችሁ ከነቀኑ አዲስ ለጥፉ። ምዝገባው ከተዘጋ በኋላ ግን ነጥቡ ላይ ምንም አይነካ።